የትኛው አንቀጽ፣ ከምን ወደ ምን?

«አቅራቢያችን በጠየቀን መሠረት የመጫኛ ጊዜው እንዲራዘም፣ የዋጋ ማስተካከያ እንዲደረግና የሰነድ መስፈርቱ እንዲሻሻል በትሕትና እንጠይቃለን።»

አስመጪዎች ለባንክ የሚጽፉት የኤልሲ ማሻሻያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። አማርኛው ንጹሕ ነው፤ ጨዋነትም አይጎድለውም። ደብዳቤው የሚደርሰው የባንክ ባለሙያ ግን አንድም የሚሠራበት ነገር አያገኝበትም። የመጫኛው ጊዜ እስከ መቼ ይራዘም? ዋጋው በስንት ይስተካከል? ከተዘረዘሩት ሰነዶች የሚሻሻለው የትኛው ነው? ባለሙያው ወይ ደብዳቤውን ይመልሰዋል፣ ወይ ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል። ከሁለቱ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ኤልሲ፣ በሙሉ ስሙ ሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ የገዢው ባንክ ለሻጩ የሚገባው የክፍያ ቃል ነው። ሻጩ የተዘረዘሩትን ሰነዶች በተባለው ቀን ካቀረበ ገንዘቡን ያገኛል። ባንኩ ወደብ ወርዶ ዕቃውን አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ የሚመዝነውም ኤልሲው ላይ በተጻፈው ቃል ነው። ስለዚህ በሁለቱ ነጋዴዎች መካከል በስልክ የተደረገ ስምምነት በኤልሲው ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ለባንኩ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ይህን አሠራር የሚገዛው በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከጁላይ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ ነው። የደንቡ 10ኛ አንቀጽ ስለ ማሻሻያ ይናገራል። ኤልሲውን የከፈተው ባንክ፣ ክፍያውን ያረጋገጠ ሌላ ባንክ ካለ እሱ፣ እንዲሁም ሻጩ ካልተስማሙ ኤልሲው አይለወጥም። ከፋቹ ባንክ ግን ማሻሻያውን ካወጣበት ሰዓት ጀምሮ ሊሽረው በማይችለው ግዴታ ይታሰራል። አስመጪው በማግስቱ «ተሳስቻለሁ» ቢል ማሻሻያውን ማስመለስ አይችልም፤ አዲስ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ለዚያም የሻጩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሻጩ ደግሞ የሚጠቅመውን ስህተት ለማረም የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

አንድ ጉዳይ በምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ከቻይና 200 ሜትሪክ ቶን ጥሬ ዕቃ፣ ቶኑን በ1,100 ዶላር፣ ጂቡቲ ድረስ ባለው የሲኤፍአር ዋጋ ገዝቶ የ220,000 ዶላር ኤልሲ ከፍቷል። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ጁን 30 ቀን 2026፣ የኤልሲው ማብቂያ ደግሞ ጁላይ 21 ነው። ሻጩ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መጫኛው በአንድ ወር ይራዘምልኝ፣ የቶኑ ዋጋ 1,130 ዶላር ይሁን፣ በገዢው ወኪል መፈረም ያለበት የኢንስፔክሽን ሰርተፍኬትም ይቀየርልኝ። ፋብሪካው በሦስቱም ተስማምቷል። ከላይ ያለው ደብዳቤ የተጻፈው እንግዲህ ለዚህ ነው እንበል።

ደብዳቤውን ለማቃናት የሚበጀው መንገድ ባንኩ ምን እንደሚልክ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ኤልሲ ሲከፈት የሚላከው የስዊፍት መልእክት MT 700፣ ሲሻሻል የሚላከው MT 707 ይባላል። እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ያለው የራሱ መስክ አለው፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን 44C፣ የማብቂያው ቀንና ቦታ 31D፣ የዕቃው መግለጫ 45A፣ የሚፈለጉት ሰነዶች 46A ላይ ይሰፍራሉ። አስመጪው ኤልሲው ሲከፈት ከባንኩ የሚሰጠውን የMT 700 ቅጂ ፊቱ ዘርግቶ መስክ በመስክ ከጻፈ፣ ባለሙያው የሚቀረው መገልበጥ ብቻ ይሆናል። ደብዳቤው በአማርኛ ቢሆንም የሚለወጠው አንቀጽ ቃል ግን ኤልሲው በተከፈተበት ቋንቋ፣ ማለትም በእንግሊዝኛ፣ ሻጩ እንዲያነበው በምንፈልገው መልክ መጻፍ አለበት። ትርጉሙን ለባንኩ መተው ውሉን ለባንኩ እንደ መተው ነው።

ከቀኑ እንጀምር። «መጫኛው እስከ ጁላይ 31 ይራዘም» ብሎ ማቆም በጣም የተለመደ ጉድለት ነው። ኤልሲው ጁላይ 21 ላይ የሚያበቃ ከሆነ የተራዘመው መጫኛ ምን ይጠቅማል? ሻጩ ጁላይ 20 ቢጭን እንኳ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን አውጥቶ ለባንክ ለማቅረብ የሚተርፈው አንድ ቀን ነው። ኤልሲው ሌላ ካላለ በደንቡ መሠረት ሰነድ ከተጫነበት ቀን በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ፣ ማብቂያው ቀንም ሳያልፍ፣ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ቀኖች አብረው ይንቀሳቀሳሉ፦ መጫኛው ወደ ጁላይ 31፣ ማብቂያው ወደ ኦገስት 21።

ቀኑ በቁጥር ብቻ አይጻፍ። 07/08/2026 ለአንዱ ጁላይ 8፣ ለሌላው ኦገስት 7 ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሦስተኛ ንባብ አለ፤ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ውስጡ በፈረንጅ ሲቀጥል መሳሳት ቀላል ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ ዓመቱም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።

ዋጋው ላይ ስንመጣ ደብዳቤው ሁለት ቦታ መንካት አለበት። በMT 707 ላይ 32B የሚባለው መስክ የሚቀበለው የጭማሪውን መጠን ብቻ ነው። «ገንዘቡ 226,000 ዶላር ይሁን» የሚል ደብዳቤ የቸኮለ እጅ ላይ ከወደቀ ይህ ቁጥር በጭማሪው መስክ ሊገባና የባንኩን ግዴታ 446,000 ዶላር ሊያደርሰው ይችላል። ጭማሪውም አዲሱ ድምርም ጎን ለጎን ይጻፉ፦ በ6,000 ዶላር ጨምሮ፣ ከ220,000 ወደ 226,000 ዶላር። ሁለተኛው ቦታ የዕቃው መግለጫ ነው። እዚያ «ቶኑ 1,100 ዶላር» የሚለው ካልተነካ ሻጩ በ1,130 የሚያዘጋጀው ኢንቮይስ ከኤልሲው ጋር ይጋጫል፤ ባንኩም ሰነዱን እንከን አለበት ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ድምሩን ቀይሮ የነጠላውን ዋጋ መርሳት፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉም ስህተቶች በቀላሉ የሚፈጸመው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ይበልጥ ማሰብን ይጠይቃል። ሻጩ በገዢው ወኪል ፊርማ ላይ ቅር መሰኘቱ ተገቢ ነው፤ ወኪሉ አልፈርምም ካለ ዕቃው ተጭኖም ክፍያ የለም። አስመጪውም ለማስማማት ብሎ «በገለልተኛ መርማሪ የተሰጠ ሰርተፍኬት» ብሎ ይጽፋል። ሚዛናዊ ይመስላል። የዩሲፒ 600 3ኛ አንቀጽ ግን ሰነድ አውጪውን «ገለልተኛ»፣ «ብቁ»፣ «የታወቀ» በሚሉ ቃላት ብቻ የሚገልጽ ኤልሲ ከሻጩ በቀር ማንም ያወጣውን ሰነድ ይቀበላል ይላል። የሻጩ የአጎት ልጅ ማኅተም አስቀርጾ የሚሰጠው ወረቀት ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ድርጅቱን በስም መጥራትና ሰርተፍኬቱ ምን ማረጋገጥ እንዳለበት መናገር ነው፦ «ከጭነት በፊት በኤስጂኤስ የተሰጠ፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ደረጃና የተጣራ ክብደት የሚያረጋግጥ የኢንስፔክሽን ሰርተፍኬት፣ አንድ ዋናና ሁለት ቅጂ»። ከዚያ በፊት ግን ድርጅቱ በሚጫንበት ወደብ ያንን ዕቃ ይመረምር እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ይህ ለውጥ በመልእክቱ ላይ እንዴት እንደሚገባ ማወቅም ይጠቅማል። የሰነዶች ማሻሻያ መስኩ 46B ሦስት ትእዛዝ አለው፦ `/ADD/` ይጨምራል፣ `/DELETE/` ይሰርዛል፣ `/REPALL/` ደግሞ የቀድሞውን ዝርዝር በሙሉ አንሥቶ አዲሱን ይተካል። «አንቀጽ 5 በዚህ ይተካ» የሚል ደብዳቤ መተካት የሚለውን ስለሚያነሣ በሦስተኛው ትእዛዝ ቢተላለፍ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ኢንቮይሱና የስሪት አገር የምስክር ወረቀቱ ሁሉ ከኤልሲው ወጥተው የኢንስፔክሽን ሰርተፍኬት ብቻ ሊቀር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በሁለት ከፍሎ መጻፍ ይሻላል፦ የሚሰረዘውን አንቀጽ ሙሉ ቃል ከኤልሲው ላይ ገልብጦ «ይሰረዝ»፣ አዲሱን ሙሉ ቃል ጽፎ «ይጨመር»። በመጨረሻም «ሌሎች ሁኔታዎች ሁሉ ሳይለወጡ ይቀጥላሉ» ይባላል።

የተቃናው ደብዳቤ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ርእሱ ላይ የኤልሲው ቁጥርና የተከፈተበት ቀን፣ የሻጩ ስም በኤልሲው ላይ እንደተጻፈው፣ የስንተኛ ጊዜ ማሻሻያ እንደሆነም ይቀመጣል። አካሉ እንዲህ ይላል፦

«44C፦ ከጁን 30 ቀን 2026 ወደ ጁላይ 31 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ይለወጥ። 31D፦ ከጁላይ 21 ቀን 2026 ወደ ኦገስት 21 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ይለወጥ፤ የማብቂያው ቦታ እንዳለ ሆኖ ቻይና ነው። 32B፦ የኤልሲው ገንዘብ በ6,000 የአሜሪካ ዶላር ይጨመር፤ አዲሱ ድምር 226,000 የአሜሪካ ዶላር። 45A፦ ‹ቶኑ 1,100 ዶላር› የሚለው ተሰርዞ ‹ቶኑ 1,130 ዶላር› ይጨመር። 46A አንቀጽ 5፦ የሚከተለው ይሰረዝ… የሚከተለው ይጨመር… ሌሎች ሁኔታዎች ሁሉ ሳይለወጡ ይቀጥላሉ። የማሻሻያውን ክፍያ የሚሸፍነው አመልካቹ ነው።»

ባለሙያው ከዚህ ሲገለብጥ የቀኖቹና የገንዘቡ መስኮች እንዲህ ይወጣሉ፦

```
:31D:260821CHINA
:32B:USD6000,
:44C:260731
```

ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት አንድ የሚታሰብበት ነገር ይቀራል። ሻጩ ከማሻሻያው የወደደውን ወስዶ የጠላውን መተው አይችልም፤ በከፊል መቀበል ደንቡ ዘንድ እንደ አለመቀበል ይቆጠራል። ፋብሪካው ለሻጩ የሚጠቅመውን የዋጋ ጭማሪ እና ሻጩን ሊያከብደው የሚችለውን የኤስጂኤስ ሰርተፍኬት በአንድ ማሻሻያ ካሰራቸው ሻጩ ወይ ሁለቱንም ይቀበላል ወይ ሁለቱንም ያጣል። ይህ ለገዢው ጥሩ መያዣ ነው። ተለያይተው ቢላኩ ኖሮ ጭማሪውን ተቀብሎ ምርመራውን ሊገፋው ይችል ነበር። «በ7 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተቀበለ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ማስገባት ግን ጥቅም የለውም፤ ደንቡ እንዲህ ያለውን ሐረግ እንደሌለ ያየዋል። ሻጩ ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ በሚያቀርበው ሰነድ መቀበሉን ሊያሳይ ይችላል።

ገንዘቡ ሲጨምር ደብዳቤው ብቻውን አይሄድም። የ6,000 ዶላሩ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ አለ፤ አዲሱን ዋጋ የሚያሳይ የተሻሻለ ፕሮፎርማ ኢንቮይስም ከደብዳቤው ጋር መያያዝ አለበት። በሲኤፍአር ግዢ የጭነቱ መድን የገዢው ጉዳይ ስለሆነ የመድን ሽፋኑም ወደ አዲሱ ዋጋና ቀን መምጣት አለበት። ፊርማውና ማኅተሙ ባንኩ ዘንድ ከተመዘገበው ጋር የማይገጥም ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት መስኮቱ ላይ ይቆማል።

ማሻሻያው ከተላከ በኋላ አስመጪው የMT 707 ቅጂ ጠይቆ በዚያው ቀን ከደብዳቤው ጋር ቃል በቃል ያመሳክር። በተለይ 46B ላይ የትኛው ትእዛዝ እንደገባ፣ 32B ላይ ያለው ቁጥርም ጭማሪው እንጂ ድምሩ እንዳልሆነ ይይ። ልዩነት ካገኘ ለባንኩም ለሻጩም ወዲያው ያሳውቅ፤ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ በተሳሳተው ቃል ሰነድ ካቀረበ ባንኩ የሚከፍለው በዚያው ቃል ነው።