የሶዲየም አዮን ባትሪ በዋጋና በብርድ ከሊቲየም የሚሻለው የት ነው?

በአሁኑ ወቅት በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችና በኃይል ማከማቻ ጣቢያዎች በስፋት የሚያገለግለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በሊቲየም ምትክ ሶዲየምን የሚጠቀም ባትሪ ወደ ገበያ መግባት ጀምሯል። በቻይና ሁቤይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው፣ 100 ሜጋዋት ሰዓት ኃይል የሚይዘው የማከማቻ ጣቢያ ለዚህ ማሳያ ነው። ይህ ጽሑፍ አዲሱ ባትሪ ከሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ጋር ሲነጻጸር በየትኞቹ ሁኔታዎች ብልጫ እንዳለውና ብልጫውም የት ላይ እንደሚያበቃ ያብራራል።

የዋጋ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ሶዲየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከሊቲየም ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ የባትሪውን ዋጋ የሚወስነው የማዕድኑ ብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ለማምረት በግምት 0.6 ኪሎ ግራም ሊቲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በቻይና ገበያ የአንድ ቶን ሊቲየም ካርቦኔት ዋጋ ወደ 600,000 ዩዋን ተጠግቶ ነበር። በዚህ ስሌት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚውለው ሊቲየም ብቻውን 360 ዩዋን ገደማ ያስወጣ ነበር። በ2023 መጨረሻ የቶኑ ዋጋ ወደ 100,000 ዩዋን ሲወርድ ይኸው ወጪ ወደ 60 ዩዋን ዝቅ ብሏል። በሶዲየም ባትሪ ውስጥ በቦታው የሚገባው ሶዳ አሽ ግን የሚያስወጣው ጥቂት ዩዋን ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሶዲየም ባትሪ የዋጋ ብልጫ የሊቲየም ዋጋ ሲንር የሚሰፋ፣ ሲወርድ ደግሞ የሚጠብ መሆኑን ነው። ሌላው ቁጠባ የሚገኘው ከመዳብ ነው። ሊቲየም በአሉታዊው ኤሌክትሮድ በኩል ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚዋሃድ በዚያ ወገን ውድ የሆነው የመዳብ ስስ ወረቀት የግድ ያስፈልጋል። ሶዲየም ይህ ባሕርይ ስለሌለው በሁለቱም ወገን ርካሹን አሉሚኒየም መጠቀም ይቻላል።

በተቃራኒው ሶዲየም በግራፋይት ውስጥ በሚገባ ስለማይቀመጥ ሃርድ ካርቦን የተባለ፣ ከግራፋይት የሚወደድ ቁስ ያስፈልገዋል። በተጨማሪም ሶዲየም ከሊቲየም የከበደ በመሆኑ ባትሪው በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚይዘው ኃይል በአብዛኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ኃይል ለመያዝ ብዙ ቁስ ይጠይቃል፤ ይህም ከማዕድኑ የተገኘውን ቁጠባ በከፊል ይወስደዋል።

በብርድ ጊዜ ምን ይሆናል?

የሊቲየም ባትሪ ትልቁ ችግር የሚታየው በብርድ ኃይል ሲሰጥ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የሊቲየም አዮኖች ወደ ግራፋይቱ ውስጥ በፍጥነት መግባት ያቅታቸዋል። በዚህ ጊዜ በግራፋይቱ ላይ እንደ ብረት ሽፋን ይለጠፋሉ። የተለጠፈው ሊቲየም በከፊል ተመልሶ ስለማያገለግል የባትሪው አቅም በዘላቂነት ይቀንሳል፤ ሽፋኑ እየጨመረ ከሄደም በባትሪው ውስጥ አጭር ዙር ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ምክንያት የባትሪው መቆጣጠሪያ በብርድ መሙላትን ይከለክላል፤ ወይም ባትሪው በቅድሚያ በማሞቂያ እንዲሞቅ ያደርጋል። ማሞቂያው ደግሞ ራሱ ኃይል ይበላል።

የሶዲየም አዮን በመጠን ቢተልቅም በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ ከከበቡት ሞለኪውሎች ጋር ያለው ትስስር የላላ ነው። ስለሆነም በብርድም ጊዜ ከእነርሱ ተላቆ ወደ ኤሌክትሮዱ በቀላሉ ይገባል። ሲ ኤ ቲ ኤል የተባለው የቻይና አምራች እ.ኤ.አ. በ2021 ያስተዋወቀው የሶዲየም ሴል ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ከ90 በመቶ በላይ አቅሙን እንደሚጠብቅ ኩባንያው አስታውቋል። ይህ ማለት ግን ሽፋን የመለጠፍ ችግር በሶዲየም ባትሪ ፈጽሞ አይከሰትም ማለት አይደለም። በአምራቹ የተቀመጠውን ዝቅተኛ የመሙያ ሙቀት ማክበር ለሶዲየም ባትሪም ያስፈልጋል።

ተጠቃሚዎች ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦች

ክብደትና ቦታ ወሳኝ በሆኑባቸው ረጅም ርቀት ተጓዥ ተሽከርካሪዎች ሊቲየም አሁንም ተመራጭ ነው። በአንድ ቦታ ለሚተከል ማከማቻ እና በቀዝቃዛ አካባቢ ለሚሠሩ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች ግን ሶዲየም ተወዳዳሪ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ብርዱ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ የብርድ ብልጫው ትርጉም የሚኖረው በዋናነት ውርጭ በሚወርድባቸው ደጋማ አካባቢዎች ከቤት ውጭ ለሚቀመጡ ባትሪዎች ነው።

ዋጋ ሲወዳደር የባትሪውን ጠቅላላ ዋጋ ሳይሆን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋውን ማስላት ይገባል። እንዲሁም የሶዲየም ባትሪ ቮልቴጅ ከሙሉ እስከ ባዶ በሰፊው ስለሚለዋወጥ ለሊቲየም የተዘጋጀ ቻርጀር ወይም ኢንቨርተር ላይስማማው ይችላል። ስለዚህ ከግዢ በፊት መሣሪያው ይህን የቮልቴጅ ልዩነት መሸፈን መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።