ተመሳሳይ ሶላሮችን ከስቲከራቸው መለየት

የሶላር ፓነል ስንት ዋት እንደሆነ ከፊት ገጹ አይታወቅም። ባለ 60 ዋቱም ሆነ ባለ 100 ዋቱ ጥቁር መስታወትና የአሉሚኒየም ጠርዝ ነው፤ ለየብቻ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ሲታዩ ደግሞ የመጠን ልዩነታቸውም ይጠፋል። ሻጭ በቴሌግራም በሚልከው ፎቶ ሁለቱን የሚለያቸው ከጀርባ የተለጠፈው ስቲከር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቁጥሮቹ እስኪነበቡ ድረስ ቀርቦ የተነሳ የጀርባ ፎቶ ነው።

ስቲከሩ ብዙ መስመር ቢኖረውም ለመለየት ሦስቱ ይበቃሉ። Pmax የፓነሉ ከፍተኛ ኃይል በዋት ነው። Vmp ፓነሉ ያንን ኃይል ሲሰጥ የሚኖረው ቮልት፣ Imp ደግሞ በዚያው ጊዜ የሚሰጠው አምፔር ነው። ሦስቱን አንድ ስሌት ያስተሳስራቸዋል፦

```
Vmp × Imp = Pmax
```

ሁለቱም «100 ዋት» ተብለው የቀረቡ ሁለት ፓነሎች አሉ እንበል። የአንደኛው ስቲከር 18 ቮልትና 5.56 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 100 ይመጣል። በሁለተኛው ላይ 100 ዋት የሚለው በደማቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ በደቃቁ 18 ቮልትና 3.33 አምፔር ሰፍሯል። ብዜቱ 60 ነው። ከላይ ያለው ቁጥር ተለውጦ የታችኞቹ ተረስተዋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ፓነል ባለ 60 ዋት አድርጎ መቁጠር ይሻላል።

ሁሉንም ቁጥሮች አስተካክሎ አዲስ ስቲከር የሚለጥፍም አይጠፋም። ያኔ የሚያጋልጠው የፓነሉ ስፋት ነው። የፓነል ዋት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት የሚያህል ብርሃን እያረፈ ሲሆን፣ ጥሩ የሚባሉት የዛሬ ፓነሎች ከዚህ ከ20 እስከ 23 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ቁመቱ 67፣ ወርዱ 54 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓነል ስፋቱ 0.36 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ምርጥ ቢሆን እንኳ ከ83 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ስቲከሩ የፈለገውን ቢል 100 ሊሆን አይችልም። ፎቶው ሲነሳ ጠርዙ ላይ ሜትር እንዲዘረጋ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የስቲከሩ ዋት ፓነሉ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሳለ የተለካ በመሆኑ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲግል ትንሽ ቢያንስ የሐሰት ምልክት አይደለም።

ኮንትሮለር ከፓነልም ይበልጥ ያሳስታል፤ ባለ 10ም ሆነ ባለ 30 አምፔሩ በአንድ ዓይነት የፕላስቲክ ሣጥን ይመጣልና። ስቲከሩ ላይ የሚፈለገው አምፔሩና የባትሪው ቮልት ነው። ከላይ ያለውን ትክክለኛ ባለ 100 ዋት ፓነል ባለ 10 አምፔሩ በቀላሉ ይችለዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ፓነሎች በትይዩ ሲገናኙ ግን 11.12 አምፔር ስለሚሆኑ አቅሙን ያልፋሉ።

ከባዱ ጉዳይ ኤም ፒ ፒ ቲ የሚለው ጽሑፍ ነው። ተራው ዓይነት፣ ማለትም ፒ ደብሊው ኤም፣ የፓነሉን ቮልት ወደ ባትሪው ያወርደዋል። Vmp 30 ቮልት፣ Imp 8.3 አምፔር የሆነ ባለ 250 ዋት ፓነል 13 ቮልት ላይ ካለ ባትሪ ጋር በተራው ኮንትሮለር ቢገናኝ፣ ባትሪው የሚያገኘው 8.3 × 13፣ ማለትም 108 ዋት ያህል ብቻ ነው። እውነተኛው ኤም ፒ ፒ ቲ ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ስለሚለውጠው ወደ 18 አምፔር ገደማ ያስገባል። ዋጋው ውድ በመሆኑ ስሙ በተራው ሣጥን ላይ ይታተማል። በእውነተኛው ስቲከር ላይ ብዙውን ጊዜ ለ12 እና ለ24 ቮልት ባትሪ የሚፈቀደው የፓነል ዋት ለየብቻ ይጻፋል፤ በጀርባውም ሙቀት የሚያስወጣ ባለ ክንፍ አሉሚኒየም ይታያል። እነዚህ በፎቶው ላይ ከሌሉ መጠርጠር ይገባል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ባትሪው ጎደል ባለበት ሰዓት፣ በጠራ ፀሐይ ሲለካ ነው፦ ከፓነሉ የሚወጣውና ባትሪው ውስጥ የሚገባው አምፔር እኩል ከሆኑ ኮንትሮለሩ ተራው ነው።

የሶላር መብራትም በዚሁ መንገድ ይመረመራል። ፊቱ ላይ 300 ዋት የተጻፈበት የግቢ መብራት የፓነሉ ስቲከር 12 ዋት ቢል፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰበስበው 60 ዋት ሰዓት ነው። በ300 ዋት ቢበራ ይህ የሚበቃው ለ12 ደቂቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ከሆነ የሚጠቀመው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት መብራቶች የሚነጻጸሩት በፓነላቸውና በባትሪያቸው ስቲከር ነው።