እንቢታም ርክክብ አለው

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት በዕድሜ የገፉ የሥራ ተቋራጭ ናቸው። 46 ገጽ የግንባታ ውል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሰኞ ጠዋት እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። ከአሠሪያቸው ጋር ተካሰው ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት ሊታይ ነው፤ ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ አማርኛ አያነቡም። «ልጄ፣ ጎበዝ ናት ብለው አንቺን ነው የጠቆሙኝ» አሉኝ።

የእኔ ሥራ የጤና ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ፣ የሕሙማን የስምምነት ቅጽና የክትባት በራሪ ወረቀት ሲመጣ እጄን እተማመንበታለሁ። የግንባታ ውል ግን ተርጉሜ አላውቅም። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ስሜቴ «እሺ» ማለት ነበር። በእኛ አገር ታላቅን ሰው ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዛል። ስለዚህ «እስቲ ልየውና እደውላለሁ» እንልና ሳንደውል እንቀራለን። ወይም ሰውየው ራሱ እንዲሸሽ ዋጋውን ሦስት እጥፍ እንጠራለን።

እነዚህ ሁለት መንገዶች ጨዋ ይመስላሉ እንጂ ደንበኛውን የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ለሚደርስ ሥራ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት ማለት ትልቅ ሀብት ነው። ጥሪዬን ሲጠብቁ ዓርብ ከመሸ፣ ሌላ ተርጓሚ የሚያገኙበትን ጊዜ የበላሁባቸው እኔ ነኝ። ዋጋ ማናርም ዋስትና የለውም፤ የጨነቀው ሰው «ይሁን» ሊል ይችላል፤ ያኔ በማልችለው ሥራ በውድ ዋጋ ታስሬ እቀራለሁ።

ስለዚህ ሰነዱን እንዲልኩልኝ ጠይቄ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ እንደምሰጣቸው ቃል ገባሁ። መጀመሪያ ጊዜውን አሰላሁት። በገጽ 220 ያህል ቃል ቢኖር 46 ገጽ ወደ 10,000 ቃል ይሆናል። አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሁለትና ሦስት ቃል ስለሚፈልግ፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በቀን ከ1,500 ቃል በላይ መሥራት አልችልም። ያ ሰባት ቀን ነው፤ እርማቱ ሲጨመር ዘጠኝ ይሆናል። ያለኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው። «ጊዜ የለኝም» የሚል ጥሩ ምክንያት ያገኘሁ መሰለኝ።

ደውዬ «ሰኞ የሚያስፈልገው ሁሉም ነው?» ስላቸው ግን፣ አስቸኳዩ ልዩ የውል ሁኔታዎች የሚለው 14 ገጽ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። የቀረው በሳምንቱ ቢደርስ ይበቃል። 14 ገጽ ደግሞ 3,000 ቃል ያህል ነው፤ በሁለት ቀን ያልቃል። «ጊዜ የለኝም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ምክንያቴን እሳቸው ራሳቸው አፍርሰውት ማምለጫ አጣ ነበር። እንቢ ለሚል ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ይሄ ይመስለኛል፦ ሰበብ ሲሰጡት ደንበኛው ሰበቡን መፍትሔ ይፈልግለታል። ዋጋ ካልን ይጨምራል፣ ጊዜ ካልን ያራዝማል። ድርድር የማይገባው እውነተኛው ምክንያት ብቻ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ሰነዱ ውስጥ ነበር። አንድ አንቀጽ ስለ «ጊዜያዊ ርክክብ» ይናገራል። እኔ ብሆን «ቴምፖራሪ ሃንድኦቨር» ብዬ አልፈው ነበር። በዘርፉ የተለመደው ቃል ግን «ፕሮቪዥናል አክሰፕታንስ» ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ጊዜያዊ ርክክብ ማለት ሥራው ተመርምሮ፣ ለአገልግሎት ደርሷል ተብሎ አሠሪው የሚረከብበት ቀን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቋራጩ ጉድለት የሚያስተካክልበት ጊዜ ይቆጠራል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የመጨረሻው ርክክብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው «ጊዜያዊ» የሚለውን ሕንፃው ለጥቂት ቀን በአደራ እንደተሰጠ አድርገው ቢረዱት፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የእኔ ስህተት በእሳቸው ገንዘብ ይከፈላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰው ፈለግሁ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናጠፋው ጥፋት፣ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መገላገልን ምክር አድርገን መቁጠራችን ነው። የተሰጠው ሰው ሥራ ላይ ከሆነ ወይም ስልክ ካላነሳ፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ ሁለት ሰዎች ዘንድ ደወልሁ። የደንበኛዬን ስም አልጠራሁም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የገጹን ብዛትና ቀኑን ብቻ ነገርኋቸው። የመጀመሪያው እስከ ረቡዕ እጁ ሞልቷል። ሁለተኛዋ የግንባታ ውሎችን ለዓመታት ስትተረጉም የቆየች ናት፤ ሥራዋን የሚያርምላት ባልደረባም አላት። በትርጉም አገልግሎት ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ 17100፣ ትርጉም በሌላ ሁለተኛ ሰው እንዲታረም ስለሚጠይቅ፣ ይህን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። «14ቱን ገጽ ለሰኞ አደርሳለሁ፤ ቁጥሬን ስጫቸው» አለችኝ። ሰነዱን ግን አልላክሁላትም። ክርክር ያለበት ወረቀት ነው፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ባለቤቱ ናቸው።

ከዚያ ይህን ጻፍሁላቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ስላመኑኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰነዱን አየሁት፤ ሥራውን ግን አልወስደውም። የእኔ ሙያ የጤና ጽሑፍ ነው፤ የግንባታ ውል ቃላትን ብስት የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። በዚህ ሥራ የማምናት አንዲት ተርጓሚ አለች፤ 14ቱን ገጽ ለሰኞ ማድረስ እንደምትችል ጠይቄአታለሁ። በዋጋው እናንተ ትነጋገራላችሁ፤ እኔ ከዚህ የማገኘው ኮሚሽን የለም። ፈቃድዎ ከሆነ ስልኳን እልክልዎታለሁ። የላኩልኝን ሰነድ አጥፍቼዋለሁ።»

እንቢታው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መጥቷል፤ ከይቅርታ ክምር ሥር አልተቀበረም። «ምናልባት»ም «ለጊዜው»ም የለበትም። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አይናገርም። በሌላ ሰው ዋጋ አልገባሁም፤ ከፍ ብል ተርጓሚዋን፣ ዝቅ ብል ደንበኛውን አጣላ ነበርና። ኮሚሽን መቀበል በራሱ ነውር አይደለም፤ ተደብቆ ኋላ ሲታወቅ ግን «ለካ ለጥቅሟ ነው የላከችኝ» ያሰኛል፤ ምክሩንም ያረክሰዋል።

ሁልጊዜ የሚጠቁሙት ሰው ይገኛል ማለት አይደለም። የማምነው ሰው ከሌለኝ ያንኑ እናገራለሁ፤ የማላውቀውን ከመስጠት ምን ብለው እንደሚጠይቁ መንገር ይሻላል፦ «የግንባታ ውል ተርጉመው ያውቃሉ? ማን ያርምልዎታል?» ደንበኛው ክፍያ በማጓተት የሚታወቅ ከሆነም፣ ያየሁትን ለባልደረባዬ ሳልነግር አልልክበትም። አለበለዚያ የአንዱን ፍቅር ለማትረፍ የሌላውን እሰጣለሁ።

ኢንጂነሩ መልሰው ደወሉ። ቅር ያላቸው ይመስል ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ቢሆንም ቁጥሩን ተቀበሉ። ሐሙስ ገና 12 ሰዓት አልሞላም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት «ሰነዱ ደረሰልዎት?» ብዬ አንድ መልእክት ላክሁ። «ደርሷል ልጄ፣ ተባረኪ» አሉኝ።

ያቺ የማክሰኞ መልእክት እንዳትቀር የማደርገው ከእሳቸው ውል የተማርሁት ነገር ስላለ ነው። ስልክ ቁጥር መስጠት ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ደንበኛው ሌላ እጅ ውስጥ በደህና መግባቱን እስካላረጋገጥሁ ድረስ፣ ጉድለት ካለ የማስተካከል ግዴታው የእኔ ነው።