31 ሜጋኸርዝ የተባለው ቺፕ ለምን 9 ላይ ይቆማል?

74HC74 የሚባለውን ባለ 14 እግር ቺፕ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። በውስጡ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፕ አለ። እያንዳንዱ ፍሊፕ ፍሎፕ አንድ ቢት፣ ማለትም ወይ 0 ወይ 1 ይይዛል። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ዳታ ሺት የገለጠ ሰው በ4.5 ቮልትና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የክሎኩ ፍሪኩዌንሲ እስከ 31 ሜጋኸርዝ መሄድ እንደሚችል ያነባል። በሰከንድ 31 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። ይህንኑ ቺፕ ከአንድ 74HC00 ጋር አገናኝተን ከ0 እስከ 3 የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ስንሠራ ግን፣ እንደሚሠራ ዋስትና ሊሰጠን የሚችለው እስከ 9 ሜጋኸርዝ ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ቺፑ አልተበላሸም፤ ሠንጠረዡም አልዋሸም። ቀሪው 22 ሜጋኸርዝ የት እንደገባ ለማወቅ ናኖ ሰከንዶችን አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው።

ቆጣሪው ሁለት ቢት አለው። በየምቱ 00፣ 01፣ 10፣ 11 እያለ ይሄድና ወደ 00 ይመለሳል። የቀኙ ቢት ሥራ ቀላል ነው፤ ምት በመጣ ቁጥር ይገለበጣል። የግራው ግን የሚገለበጠው ቀኙ 1 ሆኖ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ዋጋው በሁለቱ ቢቶች ንጽጽር ይወሰናል፤ ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ይሆናል። ይህን ንጽጽር የሚያደርገው ኤክስኦር ጌት ነው። ኤክስኦር በእጃችን ከሌለ ደግሞ 74HC00 ውስጥ ባሉት አራት ናንድ ጌቶች ልንሠራው እንችላለን። እንዲህ ሲሠራ ሲግናሉ ከመግቢያ እስከ መውጫ ባለው ረጅሙ መንገድ ሦስት ጌቶችን በተከታታይ ያልፋል። በአጭሩ መንገድ የሚያልፈው ሁለት ነው።

ፍሊፕ ፍሎፑን እንደ ፎቶ አንሺ እንየው። የክሎኩ ምት ከታች ወደ ላይ በወጣ ቅጽበት መግቢያው ላይ ያለውን ቢት ያነሳዋል፤ ያነሳውንም እስከሚቀጥለው ምት ድረስ መውጫው ላይ ያሳያል። ተነሺው ግን ካሜራው ከመጫኑ ትንሽ ቀደም ብሎ መረጋጋት አለበት፤ አለበለዚያ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህ ቀድሞ የመረጋጊያ ጊዜ ሴትአፕ ታይም ይባላል፤ ለ74HC74 20 ናኖ ሰከንድ ነው። የተነሳው ቢትም መውጫው ላይ የሚታየው ወዲያው አይደለም። ከምቱ በኋላ እስኪታይ ድረስ ያለው መዘግየት በባለሙያዎች ዘንድ ክሎክ ቱ ኪው ይባላል፤ ኪው የመውጫው እግር ስም ነው። በሠንጠረዡ ላይ የተለመደው 20፣ ቢበዛ ደግሞ 35 ናኖ ሰከንድ ነው።

አሁን አንድ ምት እንከተል። ምቱ መታ። የቀኙ ፍሊፕ ፍሎፕ አዲሱን ቢት አውጥቶ እስኪያሳይ 35 ናኖ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ቢቱ ወደ ናንድ ጌቶቹ ይገባል። አንዱ ጌት ቢበዛ 18 ናኖ ሰከንድ ስለሚወስድ ሦስቱ 54 ይወስዳሉ። እስካሁን 89 ናኖ ሰከንድ አለፈ፤ መልሱም የግራው ፍሊፕ ፍሎፕ ደጃፍ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ቀጣዩ ምት ከመምጣቱ በፊት እዚያው 20 ናኖ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ድምሩ 109 ናኖ ሰከንድ ሆነ። ሁለት ምቶች ከዚህ በታች ከተቀራረቡ የግራው ፍሊፕ ፍሎፕ የሚያነሳው ገና ያላለቀ መልስ ነው። አንድን ሰከንድ ለ109 ናኖ ሰከንድ ስናካፍለው 9.17 ሜጋኸርዝ ይመጣል።

ታዲያ 31ዱ ከየት መጣ? ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ምቱ ቅርጽ ብቻ ነው። ክሎኩ ቢያንስ 16 ናኖ ሰከንድ ከፍ ብሎ፣ 16 ናኖ ሰከንድ ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት፤ አንድ ላይ 32 ይሆናል፣ እሱም ወደ 31 ሜጋኸርዝ ይጠጋል። ቢቱ የት ደርሶ የት እንደሚመለስ አይመለከተውም። እንዲያውም ምንም ጌት የሌለበትን የቀኙን ቢት ብቻ ብንወስድ፣ የተገለበጠ መውጫው በቀጥታ ወደ ራሱ መግቢያ ስለሚመለስ፣ 35 ሲደመር 20፣ 55 ናኖ ሰከንድ ይፈልጋል። ያ 18 ሜጋኸርዝ ነው። በሠንጠረዡ አናት ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ብቻ ቺፕ የሚመርጥ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቆጣሪውን ሠርቶ የሞከረ ሰው ግን «የኔ በ12 ሜጋኸርዝ ያለ ችግር ይቆጥራል» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። በተለመዱት ቁጥሮች ክሎክ ቱ ኪው 20፣ ሦስቱ ጌቶች 27 ናኖ ሰከንድ ናቸው፤ ሴትአፑን ሳንነካ እንኳ ድምሩ 67 ስለሚሆን ወደ 15 ሜጋኸርዝ ይጠጋል። ዋስትና የሚሰጠው ግን ከፋብሪካው ለሚወጣው ለዘገምተኛው ቺፕ ጭምር ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨምር ጌቶቹ ይዘገያሉ። ቮልቴጅ ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ከመዘግየትም ያልፋል። በ2 ቮልት ክሎክ ቱ ኪው ቢበዛ 175፣ አንዱ ጌት 90፣ ሴትአፑ 100 ናኖ ሰከንድ ይሆናል። ያው ቆጣሪ በአንድ ዙር 545 ናኖ ሰከንድ ስለሚፈልግ ጣሪያው 1.8 ሜጋኸርዝ ላይ ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር የሠራ ዕቃ ባትሪው ሲደክም መሳሳት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

እስካሁን የክሎኩ ምት ለሁለቱም ፍሊፕ ፍሎፖች በአንድ ቅጽበት ይደርሳል ብለን ነው የቆጠርነው። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ለአንዱ ቀድሞ ለሌላው ሲዘገይ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስኪው ይባላል። በ1976 ሥራ የጀመረው ክሬይ 1 የተሰኘው ኮምፒውተር በአንድ ምት 12.5 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነበረው። ሲግናል በሽቦ ውስጥ በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚጓዘው ሃያ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የሽቦ ርዝመት ራሱ ጊዜ ነበር። ሲይሞር ክሬይና ባልደረቦቹ ማሽኑን ክብ አድርገው የሠሩት ሽቦዎቹ እንዲያጥሩ ነው፤ ርዝመታቸውንም ለሰዓት አጠባበቅ ሲሉ እየለኩ ይቆርጡ ነበር።

በእኛ ቆጣሪ ላይ የሽቦው ርዝመት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስኪው የሚገባው በሌላ በር ነው። አንድ ሰው የቀኙን ቢት እንዳሻው ማቆም ፈልጎ ክሎኩን በናንድ ጌት አሳለፈው እንበል። ናንድ ምቱን ስለሚገለብጠው መልሶ የሚያቀናው ሁለተኛ ጌት ይጨምራል። በዚህም የቀኙ ፍሊፕ ፍሎፕ ምት እስከ 36 ናኖ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። የግራው ግን በሰዓቱ ያነሳል፤ ቀኙ ዘግይቶ ስለጀመረ አይጠብቀውም። 109 ላይ 36 ሲጨመር 145 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም 6.9 ሜጋኸርዝ ይሆናል። አንድ ማብሪያና ማጥፊያ ከፍጥነቱ ሩቡን ያህል በላ። አሁን ሙሉው ስሌት ይህን ይመስላል፤ የላኪው ምት ከተቀባዩ የዘገየበት ጊዜ መጨረሻ ላይ ተደምሯል፦

```
T >= t_cq + t_logic + t_setup + t_skew
f_max = 1 / T
```

የተቀባዩ ምት ቢዘገይ ስኪው ይቀነሳል፤ ስለዚህ ተቀባዩን ሆን ብሎ ማዘግየት ትርፍ ይመስላል። በእኛ ቆጣሪ ግን ትርፍ የለውም። የግራው ቢት የራሱንም መውጫ በእነዚያው ሦስት ጌቶች በኩል ስለሚመልስ፣ በዚያ መንገድ ላኪም ተቀባይም ራሱ ነው፤ ከራሱ ጋር ስኪው የለውም፣ 109ኙም ባለበት ይቆያል። ሌላም የከፋ አደጋ አለ። ፎቶው ከተነሳ በኋላም ተነሺው ጥቂት መቆየት አለበት፤ ይህ ሆልድ ታይም ነው። ለ74HC74 ዜሮ ስለሆነ ችግር የሚያመጣ አይመስልም። ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ያለ ጌት በቀጥታ ተያይዘው የሁለተኛው ክሎክ በሁለት ጌቶች 36 ናኖ ሰከንድ ሲዘገይ ግን፣ የመጀመሪያው አዲሱን ቢት በ20 ናኖ ሰከንድ አውጥቶ ያደርሰዋል። ሁለተኛው የሚያነሳው አሮጌውን ሳይሆን አዲሱን ይሆናል፤ ቢቱም በአንድ ምት ሁለት እርከን ይዘላል። ፍጥነት ሲነጥቁን የነበሩት ጌቶች እዚህ ቢኖሩ ኖሮ በመዘግየታቸው ያድኑን ነበር።

ሁለቱን ስህተቶች ለመለየት የመጀመሪያው ሥራ ክሎኩን ማዘግየት ነው። የሴትአፕ ስህተት በቂ ጊዜ ሲያገኝ ይጠፋል። የሆልድ ስህተት ግን በአንድ ሜጋኸርዝም በአንድ ኸርዝም ያው ነው፤ ሁለቱም ሩጫዎች ከአንድ ምት ስለሚነሱ የሚቀጥለው ምት መቼም ቢመጣ አይነካቸውም። በኦሲሎስኮፕ የቆጣሪውን ሁለት መውጫዎች ጎን ለጎን ማየትም ብዙ ይናገራል። ጤነኛ ሲሆን የቀኙ የክሎኩን ግማሽ፣ የግራው ሩቡን ፍሪኩዌንሲ ያሳያል። ክሎኩን ቀስ በቀስ ስናፈጥነው መጀመሪያ የሚዛባው የግራው ነው፤ ቀኙ በአጭሩ መንገዱ በትክክል መገልበጡን ይቀጥላል።

ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ከአራቱ ወጪዎች በቀላሉ ሊቀንስ የሚችለው የሎጂኩን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ረጅሙን መንገድ መሃል ላይ በሌላ ፍሊፕ ፍሎፕ መቁረጥ ነው። 54ቱ ናኖ ሰከንድ እኩል ለሁለት ቢከፈል እንኳ እያንዳንዱ ግማሽ 27 ላይ የራሱን ክሎክ ቱ ኪውና ሴትአፕ፣ 55 ናኖ ሰከንድ ይከፍላል። 82 ይሆናል፤ ከ9.17 ወደ 12.2 ሜጋኸርዝ እንጂ ወደ እጥፍ አያደርሰንም። ለቆጣሪ ደግሞ ይህ መንገድ እንዲሁ አይሠራም፤ የግራው ቢት ቀጣዩን ለመወሰን የአሁኑን መልስ በዚያው ምት ውስጥ ይፈልጋል። የሚሻለው አራቱን ናንዶች አውጥቶ ኤክስኦር በቀጥታ የያዘውን 74HC86 ማስገባት ነው። እሱ ቢበዛ 20 ናኖ ሰከንድ ስለሚወስድ ድምሩ 75 ይሆናል፤ ጣሪያው ወደ 13.3 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ከዚያ የሚቀረው 55 ናኖ ሰከንድ የፍሊፕ ፍሎፑ የራሱ ነው። እሱን ለማሳጠር የሎጂኩ አሠራር አይረዳም፤ 74HC74ን አንስቶ ከፈጣኑ ከ74AC ቤተሰብ ባለው አቻው መተካት ይጠይቃል።