የጨጓራው ባክቴሪያ ለምን አልለቅ ይላል?

አክስቴ ቡናው እስኪፈላ ከቦርሳቸው ሦስት የላቦራቶሪ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ነው፤ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላል። ሁለተኛውም የደም ነው፤ መድኃኒታቸውን ከጨረሱ ከሁለት ወር በኋላ የተሠራ ሲሆን እሱም «ፖዘቲቭ» ነው። በዚህ ምክንያት ያንኑ መድኃኒት ደግመው ወሰዱ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛውን ዙር በጨረሱ በሳምንቱ የተሠራ የሰገራ ምርመራ ነው፤ «ኔጋቲቭ» ይላል።

«እንግዲህ አንተ ፋርማሲስት ነህ፤ የቱን ልመን? ማቃጠሉ እንደሆነ አሁንም አለ» አሉኝ።

ባክቴሪያው ዛሬ ጨጓራቸው ውስጥ አለ ወይስ የለም? ይህን ጥያቄ ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱም አይመልስም። ምክንያቱ ከምርመራዎቹ አሠራር ይመጣል።

የደም ምርመራው ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እንግዳ ከሄደ በኋላ ሳይነሳ እንደቀረ ሲኒ ማለት ነው፤ ሰው መጥቶ እንደነበር ይነግረናል፣ አሁን ቤት ውስጥ መኖሩን ግን አይነግረንም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ይህ ምልክት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከሕክምና በኋላ «ድኛለሁ ወይ?» ብሎ ደም መስጠት ትርጉም የለውም። አክስቴ ሁለተኛውን ዙር የጀመሩት ባክቴሪያው መኖሩ ሳይረጋገጥ ነበር።

የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ግን የሚፈልገው የባክቴሪያውን የራሱን ስብርባሪ ነው። ባክቴሪያው ካለ ይወጣል፣ ከሌለ አይወጣም። በየክሊኒኩ የማይገኘው የትንፋሽ ምርመራም በተመሳሳይ መንገድ ይታመናል። ባክቴሪያው ዩሪያ የሚባለውን ነገር የሚሰባብር ኢንዛይም አለው፤ በአሲድ መካከል መኖር የቻለውም ከዩሪያው በሚያወጣው አሞኒያ ዙሪያውን እያለዘበ ነው። ታማሚው ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ሲጠጣ ባክቴሪያው ይሰባብረዋል፤ ምልክት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በትንፋሽ ይወጣል። በኢንዶስኮፒ ከጨጓራ ግድግዳ ናሙና ወስዶ መመርመርም ይቻላል። ክብደት ያለምክንያት ለሚቀንስበት፣ ደም ለሚያስታውከው፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ለሚወጣው ወይም ምግብ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው ኢንዶስኮፒው መቅረት የለበትም።

ታዲያ የአክስቴ የሰገራ ውጤት ለምን አይታመንም? «ሲመረመሩ ኦሜፕራዞል ይወስዱ ነበር?» አልኳቸው። «እሱንማ መቼ አቋርጬው!» አሉ። ኦሜፕራዞል አሲዱን ሲቀንስ የባክቴሪያውንም ቁጥር ያመናምናል፤ ሳያጠፋው ከምርመራው ዓይን ይሰውረዋል። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የመዳን ምርመራ የሚሠራው የመጨረሻው አንቲባዮቲክ ከተወሰደ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልም ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ሲሞላው ነው። በመካከሉ ማቃጠሉ ቢብስ የሚጠጣው ፈሳሽ የአሲድ ማርከሻ ሊያስታግስ ይችላል።

አክስቴ ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት አቁመው ሰገራቸውን እንደገና አስመረመሩ፤ «ፖዘቲቭ» መጣ። አሁን ጥያቄው ተለወጠ፤ ሁለት ዙር መድኃኒት ተውጦ ለምን አልጠፋም?

የተሰጣቸው የተለመደው የሦስት መድኃኒት ሕክምና ነበር፤ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ አሞክሳሲሊን 1 ግራም እና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ ሁሉም ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን። ከመድኃኒት መሳቢያቸው የመጀመሪያውን ዙር ክላሪትሮማይሲን አወጣሁት። በቀን ሁለት፣ ለ14 ቀን 28 ክኒን መሆን ነበረበት፤ ስድስቱ ስትሪፑ ላይ ቀርተዋል። በ11ኛው ቀን አቁመዋል ማለት ነው። «አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ ሆዴም ተረበሸ፤ ደግሞም ተሽሎኝ ነበር» አሉ። ያ የብረት ጣዕም የክላሪትሮማይሲን የታወቀ ባሕርይ ነው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይጠፋል። ማቃጠሉ የሚሻለው ግን አሲዱ ስለቀነሰ ነው፤ ባክቴሪያው ስላለቀ አይደለም።

ኦሜፕራዞሉንም የሚወስዱት ከምሳ በኋላ፣ ያውም ሲያማቸው ብቻ ነበር። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት መወሰድ ያለበት ምግቡ ሲገባ የጨጓራው አሲድ አመንጪዎች በሥራ ላይ እያሉ እንዲደርስባቸው ነው። ይህ ለማቃጠሉ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በጠንካራ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያው መራባቱን አቁሞ ያደፍጣል፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው በመራባት ላይ ያለውን ነው። አሲዱ በደንብ ካልተቀነሰ አንቲባዮቲኩ ያደፈጠውን አያገኘውም።

ትልቁ ምክንያት ግን መላመድ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ መካከል ክላሪትሮማይሲንን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ሌላው ሲሞት እነሱ ይቀራሉ፤ ጨጓራውም የእነሱ ዘር ብቻ ይሆናል። አክስቴ ከዓመታት በፊት ለሳል አዚትሮማይሲን ደጋግመው ወስደዋል፤ እሱም የክላሪትሮማይሲን ዘመድ ስለሆነ መላመዱን ሊያስጀምር ይችላል። ሁለተኛው ዙር ያንኑ መድኃኒት መድገሙ ስህተት የሆነው ለዚህ ነው። ክላሪትሮማይሲን አንዴ ካልሠራ ሁለተኛ አይደገምም።

የሚቀጥለው ምርጫ የአራት መድኃኒት ሕክምና ነው፤ አሲድ ቀናሽ፣ ቢስሙት፣ ሜትሮኒዳዞል እና ቴትራሳይክሊን ለ14 ቀን። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2024 ባወጣው መመሪያ ይህ ከመጀመሪያውም የሚመከር ሆኗል፤ መላመዱ ሳይታወቅ በክላሪትሮማይሲን መጀመርን ደግሞ አይመክርም። እኛ ዘንድ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርዲያ በየጊዜው ስለሚዋጥ እሱንም የተላመደ ባክቴሪያ አለ። ሆኖም ከቢስሙት ጋር ሆኖ በበቂ መጠን ለ14 ቀን ከተወሰደ መላመዱን ብዙ ጊዜ ያሸንፈዋል። ቴትራሳይክሊን ሲጠፋ በዶክሲሳይክሊን መተካቱ ግን ውጤቱን ያዳክማል።

ሐኪማቸው ይህንኑ አዘዙላቸው። ቴትራሳይክሊኑ በቀን አራት ጊዜ ስለሆነ ጾም እስኪፈታ ጠብቀን ጀመርን፤ ሰዓቶቹን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍንላቸው። ወተትና የብረት ክኒን መድኃኒቱን አስሮ ስለሚይዘው በሰዓት አራራቅነው። በሜትሮኒዳዞሉ ምክንያት ጠላም ቢራም ቀረ። ቢስሙት ሰገራን እንደሚያጠቁር አስቀድሜ ስለነገርኳቸው ሲያዩት አልደነገጡም። 14ኛው ቀን ላይ ስትሪፖቹን ሁሉ ባዶ አድርገው አሳዩኝ።

ከዚያ አንቲባዮቲኩ ካለቀ 6 ሳምንት፣ አሲድ ቀናሹም ከቆመ ከ2 ሳምንት በላይ ሲሆነው በሰገራ ተመረመሩ። «ኔጋቲቭ» ሆነ፤ ይህኛው ይታመናል። ከእራት በኋላ የሚነፋቸው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም። ባክቴሪያው አለመኖሩ ስለታወቀ ሐኪማቸው አሁን ሌላ ምክንያት እየፈለጉ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚደገምበት ምክንያት የለም።

አክስቴ ሦስቱን የቆዩ ወረቀቶች ጥለው በምትካቸው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። የወሰዷቸው አንቲባዮቲኮች ስም ከነቀኑ ተጽፎባታል፤ ከክላሪትሮማይሲን ፊት ለፊት «ሁለት ጊዜ፣ አልሠራም» ይላል። ወደፊት የሚያክማቸው ማንም ሐኪም መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሷን ነው።