ዞሮ ራሱን የሚያስረዳ ድርሰት

ቀጥሎ የቀረበው አንቀጽ የአንድ ተማሪ ጽሑፍ አይደለም። አመዛዛኝ ድርሰት የሚያርም መምህር ደጋግሞ የሚያገኘውን አጻጻፍ ለማሳየት እኔ ያቀናበርኩት ነው። ርእሱ ግን የእውነት የሚያከራክር ነው፤ በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚል።

«የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱ መቀጠል አለበት። በዚህ ደረጃ ሳይንስን በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ማስተማር አይቻልም። ምክንያቱም ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ በቋንቋዎቻችን ለማስተማር የሚበቃ መማሪያ መጽሐፍ የለም፤ ሙያዊ ቃላቱም አልዳበሩም። መጽሐፉ ያልተዘጋጀውና ቃላቱ ያልዳበሩት ደግሞ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውም ለዚህ ደረጃ የሚመጥነው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው።»

አንቀጹ ላይ ላዩን ሲነበብ ደህና ይመስላል። ዓረፍተ ነገሮቹ ተያይዘዋል፤ «ምክንያቱም» አለ፤ «ስለሆነ ነው» ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ብቻ የሚያይ አራሚ ጥሩ ነጥብ ሰጥቶት ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው አጠገብ አድርገን እናንብበው። «እንግሊዝኛ መቀጠል አለበት» እና «የሚመጥነው እንግሊዝኛ ነው» የሚሉት ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ናቸው። ተማሪው ሊያረጋግጠው የተነሣውን ነገር መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ አድርጎ አቅርቦታል። በሎጂክ ትምህርት ይህ ክብ አመክንዮ ይባላል። ተበዳሪው ለራሱ ብድር ራሱ ዋስ ሆኖ ሲፈርም እንደማለት ነው፤ ፊርማው አለ፣ ዋስትናው ግን የለም።

የዚህ ስሕተት አስቸጋሪነት ውሸት አለመሆኑ ላይ ነው። አንቀጹ ውስጥ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እውነት ቢሆኑ እንኳ አንቀጹ ያው ክብ ነው። ከሐሳብ ወደ ሐሳብ ያለው አካሄድም በሎጂክ ሕግ አይወድቅም፤ «ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ ነው» የሚል ሰው ያፈረሰው የሎጂክ ሕግ የለም። ጉድለቱ ያለው በአንባቢው በኩል ነው። ድርሰቱን ሲጀምር የተጠራጠረ አንባቢ ሲጨርስም እንደተጠራጠረ ነው፤ ያመነውም ያመነው ቀድሞ ነበር። አሪስጣጣሊስ ይህን ጥፋት የገለጸው ከክርክር መድረክ ተነሥቶ ነው። በዘመኑ ሁለት ሰዎች ሲሟገቱ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው «እሺ ይህን ተቀብያለሁ» ወይም «አልቀበልም» እያለ ይመልሳል፤ ጠያቂውም ተቀባይነት ካገኙት ነጥቦች ተነሥቶ ወደ ድምዳሜው ይሄዳል። ታዲያ ጠያቂው «እባክህ ድምዳሜዬን ራሱን ተቀበለኝ» ብሎ ቢጠይቅ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። በድርሰት ላይ መላሹ ፊት ለፊት ስለሌለ ማንም «አልቀበልም» አይልም፤ ስለዚህ ተማሪው ሳይታወቀው ያልፋል። አራሚው የዚያን መላሽ ቦታ መያዝ አለበት።

እንዴት ይያዘው? ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በመጀመሪያ የአንቀጹን ሐሳቦች ከጌጣቸው አራቁቶ፣ ተራ በሆነ አማርኛ፣ ለየብቻ መጻፍ ነው። ሀ፦ እንግሊዝኛ መቀጠል አለበት። ለ፦ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ማስተማር አይቻልም። ሐ፦ መጽሐፍና ቃላት የሉም። መ፦ የሌሉት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ነው። ሠ፦ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የሚመጥነው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱ ወደሚገኝበት ፊደል ቀስት ማስመር። ቀስቱ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ ይሄዳል። ከሐ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ሐ እና መን የሚያገናኘው ቃል «በምን አወቅህ?» ለሚለው መልስ አይደለም። መጽሐፍ አለመኖሩን የምናውቀው መደርደሪያውን አይተን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ አይደለም። መ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለውን። አንዱ ማስረጃ ነው፣ ሌላው መንሥኤ። ሁለቱንም በ«ስለ» እና በ«ምክንያቱም» ስለምናስራቸው ተማሪው ከማስረጃ ወደ መንሥኤ መሻገሩን ልብ አይለውም። እኔ እንደማምነው በተማሪ ድርሰት ውስጥ ክብ አመክንዮ በብዛት የሚወለደው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። ተማሪው ማስረጃ ሲያጥረው መንሥኤ ይተርካል፤ ትረካው ዞሮ ወደ ድምዳሜው ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። መንሥኤና ውጤት በዓለም ላይ በእርግጥ ሊዞሩ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ መጽሐፍ አይዘጋጅም፣ መጽሐፍ ስለሌለ በእንግሊዝኛ መስጠቱ ይቀጥላል የሚል ገለጻ አመክንዮው የተበላሸ አይደለም፤ አንድ እውነተኛ አዙሪትን ይገልጻል። ድህነት ትምህርትን እንደሚያሳጣ፣ ትምህርት ማጣትም ድህነትን እንደሚያረዝም የሚጽፍ ተማሪም እንዲሁ ነው። «ክብ ነው» ብሎ በቀይ የሚሰርዝበት መምህር ይበድለዋል። የሚዞረው ነገሩ ከሆነ ገለጻው ትክክል ነው፤ የሚዞረው ማረጋገጫው ከሆነ ግን ስሕተት ነው። በመግቢያው የቀረበን ሐሳብ በመደምደሚያው አንቀጽ መድገምም ክብ አመክንዮ አይባልም፤ ድግግሞሹ እንደ ማስረጃ አልቀረበምና።

ወደ አንቀጻችን እንመለስ። መ እና ሠን ብንሰርዛቸው የሚቀረው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መጽሐፍና ቃላት የሉም፣ ስለዚህ ማስተማር አይቻልም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ ይቀጥል። ደካማ ነው፣ ክብ ግን አይደለም። አሁን ተቃዋሚው የሚይዘው ነገር ያገኛል፤ «ዛሬ የለም ማለት አይቻልም ማለት ነው ወይ?» ሊል ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ ሳይንስ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች መጽሐፍ ተዘጋጅቶለት ለልጆች ሲሰጥ መቆየቱንም ይጠቅሳል። መ ደግሞ የሚያግዘው ይህንኑ ተቃዋሚ ነው። መጽሐፍ የጠፋው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ከሆነ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው ሲለወጥ መጽሐፉም ሊመጣ ይችላልና። ተማሪው አንቀጹን ለማጠንከር የጨመረው ዓረፍተ ነገር የራሱን ድምዳሜ እንደሚሸረሽር አላየም። ሠን የጻፈውም ይህን ክፍተት ለመድፈን ይመስለኛል።

ከዚህ ይልቅ አጭርና ለመያዝ የሚያስቸግር ዓይነት አለ። የተቃራኒው ወገን ተማሪ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ተማሪዎች በማይገባቸው ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸው ትክክል ስላልሆነ እንግሊዝኛ መቅረት አለበት።» እዚህ ምንም ዙር አይታይም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ነገር ግን ተማሪዎች እንግሊዝኛው ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው የክርክሩ ግማሽ ነው፤ ጸሐፊው «በማይገባቸው» በሚል ቅጽል ውስጥ ከቶ እንደተረታ አሳለፈው። «መገደዳቸው» የሚለውም ሌላውን ፍርድ ተሸክሟል። ይህን ያልተረታውን እንደተረታ መውሰድ እንበለው። ክብ አመክንዮ የዚሁ ጥፋት አንድ መልክ ነው። ማጣሪያውም ቀላል ነው፤ ፍርድ የተሸከመውን ቃል አንሥቶ ሁለቱም ወገን በሚስማሙበት ስም መተካት። «ተማሪዎች በእንግሊዝኛ መማራቸው ትክክል ስላልሆነ እንግሊዝኛ መቅረት አለበት» ስንል ማስረጃው ምን ያህል ባዶ እንደነበረ ወዲያው ይታያል።

በብዙ አገሮች የሎጂክ ማስተማሪያ የሆነው የፓትሪክ ሀርሊ መጽሐፍ ሦስተኛ ዓይነትም ይጨምራል፤ ዋናውን መነሻ ሐሳብ ሳይናገሩ ማለፍን። «ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያስባሉ፤ ስለዚህ እስከ 12ኛ ክፍል በእሱ ይማሩ» የሚል ተማሪ «ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ብቻ መማር አለበት» የሚለውን መነሻ ዘሎታል። የሚያከራክረው የተዘለለው ነው። ይህን ለመያዝ «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በፊት ቆሞ ምን እንደጎደለ መጠየቅ ነው።

አራሚው ስሕተቱን ካገኘ በኋላ በኅዳጉ ላይ ስሙን ብቻ ቢጽፍ ተማሪው ብዙ አይጠቀምም። «እንግሊዝኛ ይቅር የሚል ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ይቀበልልሃል?» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ጥያቄው ተማሪውን ድምዳሜውን የሚጠላ ሰው እንኳ ሊቀበለው ወደሚችል ነገር ይልከዋል። ለምሳሌ፦ «ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ከቋንቋው ጋር ያልተዋወቀ ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ ትምህርቱንም ቋንቋውንም ባንድ ጊዜ ይጀምራል።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከድምዳሜው ተለይቶ ሊጣራ የሚችል እውነታ ነው፤ ተቃዋሚውም ይቀበለዋል። ሁለተኛው አከራካሪ ነው፣ ግን የሚያከራክረው በራሱ ጉዳይ ላይ ነው። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ቢሰጥ ለኮሌጅ አይበቃም ወይ? ይህ በፈተና ውጤትና በተማሪዎች ልምድ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

ተማሪው ቀጥሎ «ዩኒቨርሲቲዎቹስ በእንግሊዝኛ ማስተማራቸው ለምን ተገቢ ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅና «ተማሪዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ተምረው ስለሚመጡ» ብሎ ቢመልስ ክቡ እንደገና ተዘጋ፤ ያሁኑ ሰፊ ስለሆነ በሁለት ገጽ ርቀት ላይ ሊደበቅ ይችላል። ለዚህ ነው ረጅም ድርሰት ሲታረም የእያንዳንዱን አንቀጽ ዋና ሐሳብ በኅዳጉ ላይ በአንድ መስመር እየጻፉ መሄድ የሚጠቅመው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የጻፉት መስመር ከመጀመሪያው ገጽ መስመር ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ፣ መሐል ያለው አንቀጽ «በምን አወቅህ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው የራሱ መልስ እንዳለ መፈለግ ነው።