በግ ሻጩ አበልጅ ሲሆን

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ሲሉ፣ በላስታና በመቄት ደጋ ገደል አፋፍ ላይ፣ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች አሉ። ሥራው በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም በሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም መቄት ላይ ተጀመረ። እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭናል፣ መንደሩ አብስሎ ያበላል፣ አልጋ ያነጥፋል። አንድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታዲያ ብዙ ትንንሽ ውሳኔዎች አብረውት ይመጣሉ። የማን አህያ ይጫን? በጉ ከማን ይገዛ? ዘበኛው ማን ይሁን? ወሳኙ ኮሚቴም፣ ሻጩም፣ አህያ ነጂውም የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው።

ለእንዲህ ያለ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ሲረቀቅ እጅ የሚይዘው የጥቅም ግጭት ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ መሥሪያ ቤት ደንብ ተገልብጦ እንዲህ ይጻፋል፦ «ማንኛውም የኮሚቴ አባል በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከማኅበሩ ጥቅም ጋር ሊጋጭ ከሚችል ማናቸውም ተግባር ሊቆጠብ ይገባል፤ እንደአስፈላጊነቱም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይኖርበታል።» ሲነበብ ሙሉ ይመስላል። ነገር ግን በግ ሊገዛ የተቀመጠ ኮሚቴ ከዚህ ውስጥ የሚሠራበት ነገር አያገኝም። «የሚመለከተው አካል» ማን እንደሆነ አልተጻፈም። «እንደአስፈላጊነቱ» የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ራሱ ጥቅም ያለው ሰው ነው። «ሊቆጠብ» ማለት አይሽጥ ማለት ይሁን፣ ድምፅ አይስጥ ማለት፣ ወይስ ከስብሰባው ይውጣ ማለት፣ አይታወቅም።

ስለዚህ ማርቀቅ የሚጀመረው ከትርጉም ሳይሆን ከገንዘብ መዝገቡ ነው። አርቃቂዎቹ ያለፈውን ዓመት ወጪ ይዘረጉና ገንዘብ ወይም ሥራ ከማኅበሩ ወይም ከእንግዳው ወደ ሰው የሚያልፍባቸውን በሮች ይለቅማሉ። በአንድ የገጠር ማረፊያ እነዚህ ከአራትና ከአምስት አይበልጡም፦ የምግብ ግዢ፣ የአህያ ተራ፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የጎጆ ጥገና፣ ከእንግዳ የሚሰጥ ስጦታ። ክፍሉ ስለ እነዚህ ብቻ ቢናገር ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዘመድ ማለት ማን ነው የሚለው ነው፤ አርቃቂ በጣም ሊደክምበት የሚገባውም እዚህ ላይ ይመስላል። የሹማምንትንና የመንግሥት ሠራተኞችን ሀብት ለማሳወቅና ለማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ቤተሰብ ሲል የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅን ነው የሚያነሣው። ለሀብት ምዝገባ ይህ በቂ ይሆናል። ላስታ ላይ ግን አንድን ሰው በግ ግዢ ላይ የሚይዘው ዝምድና ከዚህ ይሰፋል። የክርስትና አባት አለ፣ አበልጅ አለ፣ አማች አለ፣ በወር በወሩ አብረው ጠላ የሚጠጡ የጽዋ ማኅበርተኞች አሉ፣ ብር ያበደረ ጎረቤት አለ። ሁሉም ይግባ ከተባለ መንደሩ በሙሉ ዘመድ ሆኖ ደንቡ በአንድ ወር ይተዋል። በሕግ የተጻፈው ብቻ ይግባ ከተባለ ደግሞ የሊቀመንበሩ አበልጅ ዓመቱን ሙሉ በግ ሲሸጥ ደንቡ ዝም ይላል። የሚሻለው ስማቸውን እየጠሩ መቁጠር ነው፦ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት፣ አማች፣ አበልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ያበደረ ወይም የተበደረ። ማኅበርተኛ ይግባ አይግባ የሚለውን ጠቅላላ ጉባኤው ተከራክሮ ይቁረጥ።

አሁን የመጀመሪያው አንቀጽ እንደገና ይጻፍ።

«ኮሚቴው በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል ወይም እህል ሲገዛ ሻጩ አንተ ራስህ ወይም ዘመድህ ከሆነ፣ ዋጋ ከመነሣቱ በፊት ለሰብሳቢው ተናገር። ሰብሳቢው አንተ ከሆንክ ለጸሐፊው ተናገር። ከዚያ ከስብሰባው ውጣ፤ ሌሎቹ ወስነው ሲጨርሱ ይጠሩሃል። ጸሐፊው የተናገርከውንና መውጣትህን በቃለ ጉባኤው ይጽፋል። ዘመድህ መሸጥ አይከለከልም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም ትልቁን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። በትንሽ መንደር ዘመድ መኖሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳይናገሩ መወሰን ነው። ደንቡ ይህን ካልለየ አባሉ «ዘመዴ ነው» ማለትን ጥፋትን እንደማመን ይቆጥረውና ይደብቀዋል። መውጣት የተባለውም በምክንያት ነው፤ ድምፅ ሳይሰጥ እዚያው የተቀመጠ ሰው ፊት ስለ አበልጁ በግ ክሳት ደፍሮ የሚናገር አይኖርም።

ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አለ እንበል። ለስድስት እንግዶች አንድ በግ ይፈለጋል፤ የቀረበው አንድ ሻጭ ብቻ ነው። ለሊቀመንበሩ አበልጅ ነው፣ ለገንዘብ ያዡ አማች፣ ለሌሎች ሁለት አባላት ደግሞ የእናት ልጅ። አራቱ ከወጡ ሦስት ሰው ይቀራል፤ ምልዓተ ጉባኤ የለም። እንግዶቹ ማታ ይደርሳሉ። ብዙ ደንብ የሚሰበረው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ አንዴ ከተሰበረ በኋላም ማንም ወደ እሱ አይመለስም። አንቀጹ ለዚህ ቀን አስቀድሞ መልስ ሊኖረው ያስፈልጋል፦ «ዘመድ ያላቸው ከወጡ በኋላ የቀሩት ከአራት ካነሱ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው አባላት ተጨምረው ይወስናሉ። ጊዜ ከሌለ፣ ጉባኤው በየሦስት ወሩ ከሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ ሳያልፉ ይገዛሉ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባም ያሳውቃሉ።»

ስለ ስጦታ ሲጻፍ የብር መጠን መቁረጥ ይቀናል፤ ነገር ግን ብሩ ዋጋው ሲወርድ ቁጥሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ትርጉም ያጣል። መንደሩ የሚያውቀውን መለኪያ መያዝ ይሻላል፦ ከአንድ ቀን የአህያ ኪራይ የሚበልጥ ስጦታ ከእንግዳ የተቀበለ አባል በሦስት ቀን ውስጥ ያስመዘግባል። ሻይ፣ ቡናና ጠላ አይመዘገቡም ተብሎም በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አንዱ ሁሉንም ያስመዘግባል፣ ሌላው ምንም አያስመዘግብም።

ረቂቁ ሲያልቅ የሚፈተነው በጆሮ ነው። ከአባላቱ ማንበብ የማይችሉ ስለሚኖሩ ደንቡ የሚኖረው ተነቦ ሲሰማ ነው፤ ግሱ ከሦስት መስመር በኋላ የሚመጣ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በጆሮ አይያዝም። በማርቀቁ ላይ ያልነበሩ አራት አምስት ሰዎች ይጠሩና አንቀጹ አንድ ጊዜ ይነበብላቸዋል። ከዚያ ለየብቻ ይጠየቃሉ፦ «እህትህ ለማብሰያ ሥራ አመለከተች፤ አንተ ኮሚቴ ነህ፤ ምን ታደርጋለህ?» ሁለት ሰዎች የተለያየ መልስ ከሰጡ ጥፋቱ የአንቀጹ ነው፤ ይቀየራል። ለሴት የኮሚቴ አባልም እንደሚሠራ እንዲሰማ በአንዱ ምሳሌ «ተናገሪ»፣ «ውጪ» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል፤ አንቀጹ በሙሉ «አንተ» ካለ ገንዘብ ያዧ እኔን አይመለከትም ልትል ትችላለች።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግን መታወቅ አለበት። መናገር የማይፈልግ ሰው በጉን በሌላ ሰው ስም ያቀርባል፤ ይህን የትኛውም ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይከለክልም። ስለዚህ ክፍሉ የቁጥጥር ኮሚቴውን አንድ ቁርጥ ያለ ሥራ ያዘዋል፦ በየሦስት ወሩ የግዢ መዝገቡን ገልጦ የተከፈለውን ዋጋ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከነበረው ዋጋ ጋር ማስተያየት፣ ከአንድ ሻጭ ከሦስት ጊዜ በላይ በተከታታይ የተገዛበትን መለየት፣ የአህያ ተራ የተዘለለበትን ቀን ማውጣት። የተገኘውም በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ስም ሳይጠራ፣ ቀኑና ዋጋው ብቻ ይነበባል፤ ማብራሪያ የሚሰጠው በዚያ ቀን የወሰነው ኮሚቴ በሙሉ ነው።